አንድ ወንበር፣ ሁለት ተሳፋሪ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውቶብስ ሊነሳ ሲል፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ወንበር ቁጥር 14 ሁለት ባለቤት አገኘ። አንዲት እናት ስልካቸውን አውጥተው የደረሳቸውን የማረጋገጫ መልእክት ለረዳቱ አሳዩ። ከኋላቸው የቆመ ወጣትም የራሱን አሳየ። ቀኑ ያው ነው፣ ጉዞው ያው ነው፣ ወንበሩም ያው 14 ነው። ረዳቱ የተሳፋሪዎችን ዝርዝር ሲያገላብጥ በ14 ቁጥር ትይዩ የተጻፈው የወጣቱ ስልክ ብቻ ሆነ። «እናቴ፣ እርስዎ ዝርዝሩ ላይ የሉም» አላቸው። እናትየው ግን ከፍለዋል፤ መልእክቱም በእጃቸው ነው።

በወቅቱ የዚያን ድርጅት የቲኬት ሲስተም ከሚጠብቁት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። የድርጅቱን ስም እዚህ ማንሳት አያስፈልግም። ጠዋት ቢሮ ስንገባ ሁሉም የየራሱን ጥርጣሬ ይዞ መጣ። አንዱ «ቲኬቱ ሐሰተኛ ነው» አለ፤ ሌላው «ከውስጥ ሰው ሸጦት ነው» አለ። ሁለቱም አልነበረም። መልሱ ከፊታችን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ሦስት ቋሚ መስመርና በመካከላቸው የሚመላለሱ ቀስቶች ያሉበት አንድ ወረቀት። ባለሙያዎች ሲኩዌንስ ዲያግራም ይሉታል፤ የቅደም ተከተል ንድፍ ማለት ነው። በየቀኑ እናየው ነበር፤ አንብበነው ግን አናውቅም ነበር።

ሦስቱ መስመሮች እነማን ናቸው?

በወረቀቱ አናት ላይ ጎን ለጎን ሦስት ሳጥኖች አሉ፦ ብራውዘር፣ ሰርቨር፣ ዳታቤዝ። ብራውዘር ተሳፋሪው በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ የሚከፍተው ነው። ሰርቨር የድርጅቱ ፕሮግራም የሚሠራበት ማሽን ነው። ዳታቤዝ ደግሞ የትኛው ወንበር ለማን እንደተሸጠ የሚመዘገብበት ነው። ከእያንዳንዱ ሳጥን ሥር አንድ ቁርጥርጥ መስመር ቁልቁል ይወርዳል።

ነገሩን ለመረዳት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያስቡ። ባለጉዳይ መስኮት ላይ ቆሞ ይጠይቃል። የመስኮቱ ሠራተኛ ጥያቄውን ተቀብሎ ወደ መዝገብ ቤት ይሄዳል። መዝገብ ቤቱ ፋይሉን አይቶ ይመልስለታል፤ እሱም ለባለጉዳዩ ይመልሳል። ባለጉዳይ መዝገብ ቤት አይገባም፤ መዝገብ ቤቱም ባለጉዳይን አያውቅም። በእኛም ንድፍ ላይ ከብራውዘር በቀጥታ ወደ ዳታቤዝ የሚሄድ ቀስት የለም። እንዲህ ያለ ቀስት በሆነ ንድፍ ላይ ካያችሁ ሌላው ሁሉ ይቅርና መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ እሱ ይሁን።

ይህ አሳሳል የድረ ገጽ ዘመን ፈጠራ አይደለም። የስልክ ማዞሪያ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚለዋወጡትን ምልክት ለማሳየት የቴሌኮም መሐንዲሶች ተቀራራቢ ንድፍ ይጠቀሙ ነበር። ዩኤምኤል የተባለው የሶፍትዌር ንድፍ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1997 መለኪያ ሆኖ ሲጸድቅ ሲኩዌንስ ዲያግራምን ከዋና ዋና ንድፎቹ አንዱ አድርጎ ያዘው።

ዛሬ ብዙ ፕሮግራመር ንድፉን በእጁ አይስልም፤ በጽሑፍ ይጽፈውና መርሜይድን የመሰለ መሣሪያ ይስልለታል። የእኛ ወረቀት በጽሑፍ ሲቀመጥ ይህን ይመስል ነበር፦

```
sequenceDiagram
    participant B as ብራውዘር
    participant S as ሰርቨር
    participant D as ዳታቤዝ
    B->>S: POST /book ወንበር 14
    S->>D: SELECT status
    D-->>S: free
    S->>D: UPDATE status = sold
    D-->>S: 1 row
    S-->>B: 200 OK
```

ከግራ ወደ ቀኝ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች

ዓይናችን ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ስለለመደ ንድፉን እንደ ዓረፍተ ነገር ልናነበው ይቃጣናል። እዚህ ላይ ግን ግራና ቀኝ ትርጉም የለውም፤ ሳጥኖቹ ቦታ ቢለዋወጡ ምንም አይቀየርም። ጊዜ የሚሄደው ቁልቁል ነው። ከላይ ያለው ቀስት ቀድሞ ተላከ፣ ከታች ያለው ቀጥሎ ተላከ ማለት ነው።

ድፍን መስመር ያለው ቀስት ጥያቄ ወይም ትእዛዝ ነው፤ ቁርጥርጡ ደግሞ መልስ። ስለዚህ የመጀመሪያው የንባብ ሥራ ማጣመር ነው፦ ለእያንዳንዱ ድፍን ቀስት መልሱ የትኛው ቁርጥርጥ ቀስት እንደሆነ መፈለግ። ከላይ ባለው ንድፍ ብራውዘሩ የላከው የመጀመሪያ ጥያቄ መልሱን የሚያገኘው በመጨረሻው መስመር ነው። በመካከሉ ሰርቨሩና ዳታቤዙ ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል። ያ ሁሉ ሲሆን ተሳፋሪው የሚያየው የምትሽከረከረውን ክብ ብቻ ነው። በደንብ በተሳለ ንድፍ ላይ ይህ መጠበቅ ከቋሚው መስመር ላይ እንደ ቀጭን አራት ማዕዘን ይታያል፤ አራት ማዕዘኑ የሚጀምረው ሥራው ሲጀመር፣ የሚያልቀውም መልሱ ሲሰጥ ነው።

አሁን ቀስቶቹን አንድ በአንድ እንውረድ። ተሳፋሪው «ቁረጥ» የሚለውን ሲነካ ብራውዘሩ ለሰርቨሩ `POST /book` ብሎ ወንበር 14 ይጠይቃል። ሰርቨሩ ዳታቤዙን በ`SELECT` «ይህ ወንበር ክፍት ነው?» ይለዋል። ዳታቤዙ `free` ይላል። ሰርቨሩ በ`UPDATE` «እንግዲያው ተሸጧል ብለህ መዝግበው» ይላል። ዳታቤዙ `1 row` ብሎ አንድ መስመር መለወጡን ይነግረዋል። ሰርቨሩም ለብራውዘሩ `200 OK` ይመልሳል።

እንከን ያለው ይመስላል? አይመስልም። መጀመሪያ ይጠይቃል፣ ክፍት ከሆነ ብቻ ይሸጣል። ግድግዳው ላይ አንድ ዓመት የቆየው ለዚህ ነው።

በሁለት ቀስቶች መካከል

የዚያን ዕለት ሁለቱ ቲኬቶች የተቆረጡት ከዋዜማው ምሽት 2 ሰዓት ከ15 ላይ ነበር። የሰርቨሩን ሎግ ስንከፍት በ2 ሰዓትም ሆነ በ20 ሰዓት ምንም አጣን። ሰርቨሩ የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፤ የእኛ ምሽት 2:15 በፈረንጅ አቆጣጠር 20:15፣ በሎጉ ደግሞ 17:15 ነው። ይህን ሳያስተካክል ንድፍና ሎግ የሚያስተያይ ሰው ሦስት ሰዓት የተሳሳተ ቦታ ሲፈልግ ይውላል። እዚያ ያገኘነውን አሳጥሬ ላስቀምጠው፤ `A` የእናትየው ጥያቄ፣ `B` የወጣቱ ነው፦

```
17:15:07.120  A  SELECT  -> free
17:15:07.134  B  SELECT  -> free
17:15:07.150  A  UPDATE  -> 1 row
17:15:07.163  B  UPDATE  -> 1 row
```

የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች የሰከንድ ሺህኛ ናቸው። እናትየው ጠየቁ፤ ወንበሩ ክፍት ነው ተባለ። ሰርቨሩ ዋጋውን አስልቶ፣ የስልክ ቁጥሩን አጣርቶ ለመመዝገብ እስኪመለስ 30 ሚሊሰከንድ አለፈ። በዚያች ክፍተት ውስጥ ወጣቱ ጠየቀ። ገና አልተመዘገበምና ለእሱም ክፍት ነው ተባለ። ከዚያ የእናትየው ተመዘገበ። ከዚያ የወጣቱ በላዩ ላይ ተመዘገበ። ዳታቤዙ ሁለቱንም ጊዜ አንድ መስመር ለውጦ `1 row` ስላለ ሰርቨሩ ለሁለቱም ተሳካ ብሎ መለሰ፤ ሁለቱም መልእክት ደረሳቸው። ሰንጠረዡ ላይ የቀረው ግን በኋላ የተጻፈው የወጣቱ ስልክ ነው። የረዳቱ ዝርዝር እናትየውን ያጣቸው ለዚህ ነበር።

ይህን ዓይነት ስህተት ከሌላው የሚለየው ምልክቱ ይህ ነው፦ ሁለት ሰው ማረጋገጫ ይዟል፣ መዝገቡ ላይ ግን አንዱ ብቻ አለ፣ ሎጉ ላይ ደግሞ አንድም የስህተት መልእክት የለም። ሐሰተኛ ቲኬት ቢሆን ኖሮ ሎጉ ላይ ዱካ አይኖረውም ነበር። የውስጥ ሰው ሸጦት ቢሆን በሠራተኛ መለያ የገባ ጥያቄ እናገኝ ነበር።

ወደ ግድግዳው ተመልሰን ንድፉን እንደገና ስናየው ክፍተቱ ፊት ለፊት ተገኘ፤ በ`free` እና በ`UPDATE` መካከል ያለችው የጣት ውፍረት የምታህል ባዶ ቦታ። እዚህ ላይ ንድፉን በማንበብ ብዙ ሰው የሚስተው ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው፣ በንድፍ ላይ ያለ ርቀት የጊዜ ልክ አይደለም። ቀስቶች ተጠጋግተው ተሳሉ ማለት በፍጥነት ተከታተሉ ማለት አይደለም፤ ንድፉ የሚናገረው ቀዳሚና ተከታዩን ብቻ ነው። በመካከላቸው 30 ሚሊሰከንድም፣ 3 ደቂቃም ሊኖር ይችላል። በእኛ ሲስተም መካከል ላይ የስልክ ክፍያ ቢገባና ተሳፋሪው የሚስጥር ቁጥሩን እስኪያስገባ ቢጠበቅ ያቺው የጣት ውፍረት ደቂቃዎችን ትይዝ ነበር፤ ስህተቱም በየበዓሉ ዋዜማ በየአውቶብሱ ይከሰት ነበር።

ሁለተኛው፣ ቅደም ተከተሉ የሚጸናው በአንድ ቋሚ መስመር ላይ ለሚሆነው ነገር ነው። የሰርቨሩን መስመር ይዛችሁ ስትወርዱ ምን ምንን እንደቀደመ በእርግጠኝነት ታውቃላችሁ። አንድ መልእክት ሳይላክ እንደማይደርስም ታውቃላችሁ። ከዚህ ውጪ በሁለት የተለያዩ መስመሮች ላይ ያሉ ነገሮች፣ የሚያገናኛቸው ቀስት እስከሌለ ድረስ፣ የትኛው እንደሚቀድም ንድፉ አይነግራችሁም። እናትየውና ወጣቱ ማን ቀድሞ ቁልፉን እንደነካ ዛሬም አናውቅም። የምናውቀው የማን ጥያቄ ቀድሞ ዳታቤዙ ዘንድ እንደደረሰ ነው። ደካማ ኔትወርክ ያለው ቀድሞ ነክቶ ኋላ ሊደርስ ይችላል።

እናም ንድፉ አልዋሸም ነበር። የሳለው አንድ ብራውዘር ብቻ ስለነበር ስለ ሁለተኛው ምንም አላለም።

ሁለቱን ቀስት አንድ ማድረግ

መፍትሔው ከንድፉ ራሱ ይነበባል። ችግሩ በመጠየቅና በመመዝገብ መካከል ያለ ክፍተት ከሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ቀስት ማጠፍ ነው። ሰርቨሩ «ክፍት ነው?» ብሎ መልስ ጠብቆ «መዝግብ» ከማለት ይልቅ በአንድ ትንፋሽ «ክፍት ከሆነ ብቻ መዝግብ» ይበል፦

```
UPDATE seats
SET status = 'sold', phone = :phone
WHERE trip_id = 812 AND seat_no = 14
  AND status = 'free';
```

ቁም ነገሩ ያለው በመጨረሻው መስመር ነው፤ የድሮው ትእዛዝ ይህ መስመር አልነበረውም። አሁን ሁለት ጥያቄ እኩል ቢመጣ ዳታቤዙ አንዱን ሲያስተናግድ ያንን የሰንጠረዥ መስመር ይቆልፈዋል። ሁለተኛው ደጅ ይጠናል። የመጀመሪያው ሲጸድቅ ሁለተኛው ገብቶ ሁኔታውን በአዲሱ መዝገብ ላይ ያያል፤ ወንበሩ ከእንግዲህ `free` አይደለም፤ ስለዚህ ምንም ሳይለውጥ `0 row` ብሎ ይመለሳል። የመዝገብ ቤቱ ሰው ፋይሉን በእጁ እንደያዘ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ዞረ እንደማለት ነው።

በንድፉ ላይ ይህ ሁለት መንገድ ስለሚሆን ቀስቶቹን የሚከብ ሣጥን ይሳላል፤ ጥጉ ላይ `alt` ተብሎ ይጻፋል። ሣጥኑ በአግድም ለሁለት ይከፈላል። ላይኛው ክፍል `[1 row]` ይልና ለብራውዘሩ `200 OK` ይሄዳል፤ ታችኛው `[0 row]` ይልና `409 Conflict` ይሄዳል፤ ተሳፋሪው «ወንበሩ አሁን ተይዟል፣ ሌላ ይምረጡ» የሚል ያነባል። እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት፦ ከላይ ወደ ታች የሚለው ሕግ በዚህ ሣጥን ውስጥ ይቋረጣል። ታችኛው ክፍል ከላይኛው ቀጥሎ የሚሆን አይደለም፤ በእሱ ፈንታ የሚሆን ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይፈጸማል።

ያልደረሰው መልስ

ይህን አስተካክለን ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ ሌላ አቤቱታ መጣ። አንድ ተሳፋሪ ወንበር ሊቆርጥ ሲነካ ክቧ ተሽከረከረች፤ ብዙ ቆይታ ገጹ «ግንኙነት ተቋርጧል» አለው። ደግሞ ነካ። «ወንበሩ ተይዟል» ተባለ። በብስጭት ሌላ ወንበር ቆረጠና ጉዞው ዕለት ሲመጣ ሁለት ወንበር በስሙ ተገኘ። የመጀመሪያውን ወንበር የያዘበት ሰው እሱ ራሱ ነበር!

ንድፉን አሁን በሌላ ዓይን እናንብብ። የሰርቨሩንና የዳታቤዙን መስመር በወረቀት ሸፍኑና የብራውዘሩን መስመር ብቻ ይዛችሁ ውረዱ። ምን ይታያል? አንድ ድፍን ቀስት ወጣ፤ መልስ አልመጣም። በቃ። ጥያቄው ገና ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ደርሶ፣ ተመዝግቦ፣ መልሱ ሲመለስ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። ወይም ሰርቨሩ ገና እየሠራ ነው። ለብራውዘሩ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ወረቀቱን አንስታችሁ ስታዩ ግን ዳታቤዙ `1 row` ብሏል፤ የጠፋው የመጨረሻው ቁርጥርጥ ቀስት ብቻ ነው። በዩኤምኤል አሳሳል እንዲህ የጠፋ መልእክት ጫፉ መስመር ሳይነካ በትንሽ ጥቁር ነጥብ ያበቃል።

መፍትሔው ብራውዘሩ ከመላኩ በፊት ለጥያቄው አንድ የማይደገም መለያ ቁጥር እንዲሰጠው ማድረግ ነበር። ተሳፋሪው ደግሞ ሲነካ ያው ቁጥር ይላካል። ሰርቨሩ ቁጥሩን ከቲኬቱ ጋር አብሮ በዳታቤዙ ስለሚያስቀምጥ ሁለተኛውን ሲያይ «ይህን አስተናግጃለሁ» ብሎ የመጀመሪያውን መልስ ይደግምለታል። በባንክ ደብተር ላይ ያው የደረሰኝ ቁጥር ሁለት ጊዜ ቢመጣ ገንዘብ ያዡ ሁለት ጊዜ እንደማይከፍለው ማለት ነው።

የብራውዘሩን ወገን በዓይን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በኮምፒውተር ላይ ክሮምን ወይም ፋየርፎክስን ከፍታችሁ `F12` ስትጫኑ ከሚመጡት ክፍሎች አንዱ `Network` ነው። እዚያ የወጣው ጥያቄና የመጣው መልስ በተራ ይዘረዘራል፤ መልስ ያላገኘው ተለይቶ ይታያል። ይህ ከንድፉ ውስጥ የብራውዘርና የሰርቨር ግንኙነት ብቻ ነው። ከሰርቨሩ ወዲያ ያለውን ብራውዘር አያየውም፤ ለዚያ የሰርቨሩ ሎግ ያስፈልጋል።

ንድፍ ሲሰጣችሁ

ሥራ አስኪያጅ ሆናችሁ ሲስተም ስታሠሩ፣ ወይም ተማሪ ሆናችሁ የሰው ኮድ ስትረከቡ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ፊታችሁ መቅረቡ አይቀርም። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ድፍን ቀስት መልሱን አጣምሩ። ቀጥሎ ዳታቤዙን በሚጠይቀውና በሚለውጠው ቀስት መካከል ጣታችሁን አስቀምጡና «እዚህ መሐል ሌላ ሰው ቢገባስ?» በሉ። ከዚያ ቁርጥርጦቹን ቀስቶች አንድ በአንድ በጣታችሁ ሸፍኑና «ይህ ባይደርስስ?» በሉ። ንድፉን የሳለው ሰው ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ከሌለው ሥራው አላለቀም።

እኛ ቢሮ ያለው ወረቀት ተቀይሯል። ዛሬ አናቱ ላይ አራት ሳጥን አለው፤ ሁለቱ ብራውዘር ናቸው። እኚያ እናት ያን ዕለት ባሕር ዳር የገቡት ከሁለት ሰዓት በኋላ በተነሳው አውቶብስ ነው።